ፓምፑ አልነሳ ሲል፣ ከዚያም አልቆም ሲል፦ የመሬት ውስጥ ታንከርና የፍሎቷ ጣጣ

ጅማ ውስጥ የብዙ ጊቢ የውሃ ነገር ይመሳሰላል። የቧንቧ ውሃ በተራው ይመጣል፣ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ታንከር ይገባል። ከላይ የተቀመጠው ፓምፕ ከዚያ ይስብና ወደ ሮቶው ይገፋል። ቤተሰቡም ተከራዩም የሚጠቀመው ከሮቶው ነው። ይህ ሁሉ በደንብ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። የሚታወሰው ወይ ፓምፑ ዝም ሲል፣ ወይ ደግሞ ታንከሩ ደርቆ ፓምፑ ሌሊቱን ሲጮህ ሲያድር ነው።

ሁለቱ ተቃራኒ ብልሽቶች ይመስላሉ። አንዱ አልነሳም ይላል፣ ሌላው አልቆምም። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ታንከሩ ውስጥ በገመዷ ተንጠልጥላ ያለችው ፍሎት ጋ። የሚገርመው፣ ፍሎቷ ራሷ ደህና ሆናም ሁለቱንም ችግር ልታመጣ ትችላለች። ዛሬ የማብራራው በዋናነት ይህንን ነው።

ፍሎት የውሃ መጠን የምትለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አትለካም። በውስጧ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፣ አጠገቧ የምትንከባለል የብረት ኳስ አለች። ፍሎቷ ወደ ላይ ስታዘነብል ኳሷ ወደ አንድ ጎን ትንከባለልና ማብሪያዋን ትጫናለች። ወደ ታች ስታዘነብል ኳሷ ትመለሳለች፣ ማብሪያዋም ትለቀቃለች። አውጥታችሁ ብታገላብጧት «ቋ» የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። ስለዚህ ፍሎት የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አፍንጫዬ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ውሃ ይኑር አይኑር አታውቅም።

ታዲያ ማዘንበሏን ከውሃው ከፍታ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ገመዷና ክብደቷ። ገመዱ ላይ እንቁላል የምታህል፣ በመሃሏ ቀዳዳ ያላት ክብደት አለች። ገመዱ ከማንሆሉ ቀጥ ብሎ ይወርድና ክብደቷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከክብደቷ ወዲያ ያለው ገመድ ነፃ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሎት ክብደቷን መዞሪያ አድርጋ ውሃው ሲጨምር ወደ ላይ፣ ሲቀንስ ወደ ታች ትወዛወዛለች። አብዛኞቹ ፍሎቶች ከአግድም ወደ ላይ 45 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ይይዛሉ፣ ወደ ታች 45 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ይለቃሉ። በመሃል ያለው ቦታ ላይ የነበሩበትን ይዘው ይቆያሉ። ይህ የታሰበበት ነው። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ውሃው ትንሽ በተናወጠ ቁጥር ፓምፑ ይነሳ ይቆም ነበር።

አሁን ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ክብደቷ ያለችበት ከፍታ ፓምፑ የሚነሳበትና የሚቆምበት ከፍታ መሃሉ ነው። ሁለተኛ፣ ከክብደቷ እስከ ፍሎቷ ያለው የገመድ ርዝመት፣ ፓምፑ ከሚነሳበት እስከሚቆምበት ያለውን ልዩነት ይወስናል። ልዩነቱ የዚያን ገመድ አንድ ከግማሽ ገደማ ነው። ገመዱ ከረዘመ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ካጠረ ይጠባል። ይህን የያዘ ሰው ቀሪውን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ኮቺ ያለው ጊቢ

ኮቺ አካባቢ የሚከራዩ ክፍሎች ያሉበት አንድ ጊቢ አለ። ታንከሩ ወለሉ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ 10 ሳንቲ ከፍታ 400 ሊትር ትይዛለች። የመግቢያው ቧንቧ ውሃው 180 ሳንቲ ሲደርስ ይዘጋል። የፓምፑ መሳቢያ ጫፍ፣ ማለትም ፉት ቫልቩ፣ ከወለሉ 20 ሳንቲ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ዝቃጭ እንዳይስብ ነው። ፓምፑ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የተቀመጠውም ከላይ መሬት ላይ ነው።

መጀመሪያ የገጠመው ሰው በደንብ ነበር የሠራው። ክብደቷን ከወለሉ 60 ሳንቲ ላይ አድርጓታል፣ ከእሷ እስከ ፍሎቷ 30 ሳንቲ ገመድ ትቷል። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 30 ሳንቲ ገመድ በ45 ዲግሪ ሲያዘነብል ከመሃሉ 21 ሳንቲ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይደርሳል። እንግዲህ ፓምፑ የሚቆመው ውሃው 39 ሳንቲ ሲሆን ነው፣ እንደገና እንዲነሳ የሚፈቀድለት ደግሞ 81 ሳንቲ ሲደርስ ነው። ሲቆም ከፉት ቫልቩ በላይ 19 ሳንቲ ውሃ ይቀራል። ይህ ጥሩ ነው። ውሃው ከዚያ በጣም ከወረደ መሳቢያው ጫፍ ላይ አዙሪት ይፈጠርና ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር መሳብ ይጀምራል። አንዳንድ ባለቤት «እዚያ ታች 1,500 ሊትር ያለ ሥራ ተቀምጧል» ብሎ ይቆጫል። ከዚያ ውስጥ 800ው ከፉት ቫልቩ በታች ስለሆነ ድሮም አይወጣም። ቀሪው የፓምፑ ዋስትና ነው፣ ባትነኩት ይሻላል።

ከዚያ ታንከሩ ይታጠብ ተባለ። የሚያጥበው ልጅ ፍሎቷን በገመዷ ጎትቶ አወጣት። አጥቦ ጨርሶ ሲመልሳት ክብደቷ ማንሆሉ ጠርዝ ላይ ተያዘችና ገመዱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ልጁም ገመዱን የነበረበት ቦታ ላይ፣ በድሮው ቋጠሮ አሰረው። ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ግን ክብደቷ 70 ሳንቲ ወደ ላይ ሄዳለች። መሃሉ 60 የነበረው 130 ሳንቲ ሆነ፤ ነፃው ገመድም 30 የነበረው 100 ሆነ።

የቧንቧ ውሃ መጣ፣ ታንከሩ ሞላ፣ ፓምፑ ግን ዝም አለ። ለምን? አሁን ፍሎቷ እንድትይዝ ውሃው ወደ 200 ሳንቲ መድረስ አለበት። መግቢያው ግን 180 ላይ ይዘጋል። ፍሎቷ አናት ላይ ተንሳፋለች፣ ነገር ግን ያዘነበለችው 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ኳሷ አልተንከባለለችም። ታንከር ሙሉ ውሃ አለ፣ ፍሎቷም ጤነኛ ናት፣ ፓምፑም ጤነኛ ነው፣ ቤቱ ግን ውሃ የለውም።

ከተከራዮቹ አንዱ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ማንሆሉን ከፍቶ አየ። ፍሎቷ ከፍ ብላ ታስራለች ብሎ አሰበ። ቋጠሮውን ፈታና ገመዱን ቀስ እያለ ለቀቀ። 20 ሳንቲ ያህል እንደለቀቀ «ቋ» አለች፣ ፓምፑም ተነሳ። ጊቢው ውስጥ ያለው ሁሉ «ጎበዝ!» አለው። እሱም ችግሩ እንዳይመለስ ብሎ 70 ሳንቲ እስኪሞላ ለቀቀና አስሮ ሄደ።

ሁለተኛው ችግር እዚያ ጋ ተወለደ። ክብደቷ 60 ሳንቲ ላይ ተመልሳለች፣ ነፃው ገመድ ግን አሁንም 100 ነው። ፓምፑ እንዲቆም ፍሎቷ ከክብደቷ 71 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለባት። ከክብደቷ በታች ያለው ግን 60 ሳንቲ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወለል ነው። ውሃው ሲያልቅ ፍሎቷ ወለሉ ላይ ጋደም ትላለች። ያኔ ያዘነበለችው 37 ዲግሪ ነው፣ ለመልቀቅ 8 ዲግሪ ይቀራታል። ኳሷ ባለችበት ትቀመጣለች። ለፓምፑ አሁንም ውሃ አለ እያለችው ነው።

የቧንቧው ፈረቃ አልፎ ነበር። ማታ ሁሉም ተጠቀመ፣ ልብስም ታጠበ፣ ታንከሩ ወረደ። ሮቶው ገና አልሞላም። ፓምፑ ሌሊቱን በባዶ ዞረ።

ጠዋት ስደርስ የፓምፑ አካል እጅ አያስነካም። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ካቀዘቀዝነው በኋላ ውሃ ሞልተን ስናስነሳው በሞተሩና በፓምፑ መሃል ካለችው ክፍተት ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። የጊቢው ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ብሬከሩን እያሳዩኝ፣

«ልጄ፣ ይሄ ታዲያ ምን ይሠራል? ፓምፑን ይጠብቃል ብላችሁ አልነበር?» አሉ።

«እማማ፣ ብሬከር የሚያየው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ነው። ባዶውን የሚዞር ፓምፕ ደግሞ ትንሽ ነው የሚወስደው።»

ገረማቸው። ነገሩ እውነት ነው። እንደዚህ ያለው ፓምፕ ኤሌክትሪክ የሚበላው ውሃ ስለሚገፋ ነው። ውሃው ሲጠፋ ሸክም የለውም፤ ሞተሩ ቀለል ብሎት ይዞራል፣ አምፒሩ ይወርዳል። ብሬከሩም፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያም ሰላም ነው ብለው ይቀመጣሉ። የሚቃጠለው ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩን ከውሃው የምትለየዋ ሲል የምትቀዘቅዘውም የምትለሰልሰውም በውሃው ነው። ውሃ ከሌለ ሁለቱ ፊቶቿ ደረቅ ለደረቅ ይፋተጋሉ፣ ላስቲኳ ይጠነክራል፣ ትሰነጠቃለች። ፓምፑ ሆድ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ትፈላለች። እየዞረ ውሃ የሚገፋው ኢምፔለር ፕላስቲክ ከሆነ ይጣመማል። ሲሏ ካፈሰሰች በኋላ ዝም ከተባለ ደግሞ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ይገባል። ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

እዚያ ጊቢ ሲሏን ቀየርን። ኢምፔለሩ ናስ ስለነበር ተርፏል። ፍሎቷን አልቀየርናትም። ክብደቷን ከፍሎቷ 30 ሳንቲ ላይ መለስናት፣ ከላይም ከታችም የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገን እንዳትንሸራተት አደረግን። ገመዱ ማንሆሉ ጋ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቀለልን። ከዚህ በኋላ የሚያጥበው ልጅ ማንም ይሁን፣ ናስትሮው ቋጠሮው ላይ ካልዋለ የሆነ ነገር ተዛብቷል ማለት ነው።

ፍሎቷ እውነት ስትበላሽ

ሁልጊዜ ግን ጥፋቱ የገመድ አይደለም። የምትሞትም ፍሎት አለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትሞተው ደግሞ ከአቅሟ በላይ ስለተጫነባት ነው።

ፍሎቷ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያየ ሰው ስንት ነው? ለምሳሌ 16(4)A የሚል ይኖራል። ሻጩ «16 አምፒር ትችላለች፣ አትስጋ» ይላል። 16 የሚለው ለምድጃና ለአምፖል ዓይነት ጭነት ነው። ለሞተር የሚሠራው ቅንፍ ውስጥ ያለው 4 ነው። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በ220 ቮልት ሲሠራ 5 አምፒር ገደማ ይወስዳል። በሚነሳባት ቅጽበት ደግሞ የዚያን አራትና አምስት እጥፍ ይጎትታል። ያቺ ትንሽ ማብሪያ ይህን ሁሉ በየቀኑ ስትሸከም በእያንዳንዱ መነሳት ብልጭታ ይፈጠራል።

ብልጭታው ሁለት ዓይነት መጨረሻ አለው። አንዳንዴ የማብሪያዋ ሁለት ጫፎች ቀልጠው ይጣበቃሉ። ያኔ ፍሎቷ ብትገለባበጥም አትለቅም፤ ፓምፑ በባዶ ይዞራል። አንዳንዴ ደግሞ ጫፎቹ ይጠቁራሉ፣ ይበላሉ። ያኔ ኳሷ ብትጫናቸውም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ፓምፑ አይነሳም። እዚህም ያው ነው፦ መነሻው አንድ፣ ምልክቱ ሁለት።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከአዲስ ፓምፕ ጋር አይወዳደርም። ኮንታክተር ማስገባት ነው። የሞተሩን ከባድ አምፒር ኮንታክተሩ ይሸከማል። ፍሎቷ የኮንታክተሩን ጥቅል ብቻ ነው የምታዝዘው፤ እሱ የሚወስደው ከአንድ አምፒር አሥረኛ እጅ ያነሰ ነው። ፓምፑ ከቅንፉ ውስጥ ካለው ቁጥር በላይ የሚወስድ ከሆነ ኮንታክተር ሳይኖር ፍሎቷን በቀጥታ ማሰር ለእኔ አይዋጥልኝም። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ለሆነች ትንሽ ፓምፕ ግን አላስፈላጊ ወጪ ነው።

ሌላው ገዳይ እርጥበት ነው። ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ ማንሆሉ ሥር ያለው አየር ሁልጊዜ እንደላበ ነው። የፍሎቷ ገመድ ከፓምፑ ገመድ ጋር የሚቀጠለው ብዙ ጊዜ እዚያው ማንሆሉ አፍ ላይ፣ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ነው። መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ይበላል። ፓምፑ አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን አይነሳም። ሰው ፍሎቷን ይቀይራል፣ ቅጥሉን ግን እንዳለ ይተወዋል፤ ችግሩም ይመለሳል። ቅጥሉን ከማንሆሉ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ክዳን ባለው ስካቶላ ውስጥ ማድረግ ነው የሚሻለው። የገመዱ ቀዳዳ ወደ ታች ይሁን፣ ውሃ እንዳይገባ።

በየትኛው ነው የተጠቁት?

ፓምፑ ሳይነሳ ሲቀር መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው። «እምምም» እያለ የማይዞር ከሆነ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፤ ፍሎቷን ተዋት። ካፓሲተሩ ነው፣ ወይ ዘንጉ ተጣብቋል፣ ወይ ደግሞ ማታ ማታ እንደሚሆነው የመብራቱ ኃይል ወርዷል። ድምፁ ጭራሽ ከሌለ ግን ወይ ኤሌክትሪክ የለም፣ ወይ ከፍሎቶቹ አንዷ አልፈቀደችም። ፍሎቶቹ ያልኩት ብዙ ቤት ሁለት ስላሉ ነው። አንዷ ታች ታንከሩ ውስጥ ሆና ውሃ ሲኖር ትፈቅዳለች፣ ሌላዋ ላይ ሮቶው ውስጥ ሆና ሮቶው ሲጎድል ትፈቅዳለች። አንዷ እንኳ ካልፈቀደች ፓምፑ አይነሳም። የላይኛዋ ከተያዘች የታችኛዋን ስትፈትሹ ትውላላችሁ።

መፈተሹ እንዲህ ነው። ብሬከሩን ዝቅ አድርጉ፣ በፌዝ ቴስተር ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋግጡ። የፍሎቷ ገመድ ተሰንጥቆ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ስለሚችል፣ ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን አትስደዱ። ፍሎቷን ለማውጣትም ወደ ታንከሩ አትግቡ፤ በገመዷ ትወጣለች። የተዘጋ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይወድቃል። መግባት የግድ ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ በደንብ ይናፈስ፣ ሰው በገመድ ይታሰር፣ ከላይም የሚይዘው ሰው ይኑር።

ከዚያ የፍሎቷን ሽቦዎች ከሞርሴቶው ላይ ፍቱ። ብዙዎቹ ሦስት ሽቦ አላቸው፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የታሰሩት። ቀለማቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም አትመኑ። ኦም የሚለካውን ቴስተር የታሰሩት ሁለቱ ላይ አድርጉ። ፍሎቷ ወደ ታች ስትንጠለጠል መንገዱ መቆረጥ አለበት፤ ወደ ላይ ስትነሳ መገናኘት አለበት። ደጋግማችሁ አገላብጧት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሸወደው በ«ጢጢጢ» ድምፅ ነው። ቴስተሩ ጥቂት አሥር ኦም ያለው የተበላሸ መገናኛ ላይም ይጮሃል። ስለዚህ ጆሯችሁን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ጤነኛ ከሆነች ከ1 ኦም በታች ነው የምታሳየው። 8፣ 15፣ 20 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ጫፎቹ ተቃጥለዋል። ፍሎቷ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ወይም ከበፊቱ ከከበደች ደግሞ መለካትም አያስፈልግም፤ ጣሏት። ይህች ዕቃ አትጠገንም።

በተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ወደ ታች ስትሆን ከተገናኘችና ወደ ላይ ስትሆን ከተቆረጠች፣ የተሳሳተው ጥንድ ሽቦ ነው የታሰረው። እንደዚህ የታሰረች ፍሎት ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ታቆማለች፣ ሲደርቅ ታስነሳዋለች። ለሮቶው የሚሆን እስራት ታች ላይ ገብቶ ነው።

ቴስተር የሌለው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ፓምፑ ይነሳ እንደሆነ ያያል። ከተነሳ ችግሩ ያለው ፍሎቷ ወይም ገመዷ ጋ ነው ማለት ነው። ታንከሩ ውስጥ ውሃ መኖሩን በዓይን አይቶ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ አገናኝቶ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ጣጣው «ለጊዜው ይሁን» ሲባል ነው። ውሃ መጣ፣ ሰው ተደሰተ፣ ሽቦው ተገናኝቶ ተረሳ። ከተቃጠሉ ፓምፖች ጀርባ ይህቺን «ለጊዜው» ደጋግሜ አግኝቻታለሁ።

መሣሪያ የማይጠይቅ ሌላ ፍተሻ አለ፤ ማንኛውም ባለቤት ሊሠራው ይችላል። ፓምፑ እየሠራ እያለ፣ ማንሆሉ ጋ ደረቁን የገመድ ክፍል ይዛችሁ ፍሎቷ ከውሃው ወጥታ ቀጥ ብላ እስክትንጠለጠል ወደ ላይ ሳቡ። ፓምፑ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ወይ ተጣብቃለች፣ ወይ አንድ ሰው አገናኝቷታል። ገመዱ የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ብሬከሩን ሳታጠፉ አትንኩት። ይህ ፍተሻ ማብሪያዋን ነው የሚያሳየው። የገመድ ርዝመት ስህተትን አይይዝም፤ እሱን የሚይዘው ሜትር ነው።

ስትመልሷት ደግሞ ዙሪያዋ ነፃ ይሁን። 30 ሳንቲ ገመድ ካላት በየአቅጣጫው ከዚያ በላይ ክፍት ቦታ ትፈልጋለች። መሰላል፣ መሳቢያ ቧንቧ፣ ግድግዳ አጠገብ ከሆነች አንድ ቀን ትሰቀላለች። ተሰቅላ ከላይ ከቀረች ፓምፑ አይቆምም፤ ከታች ከተያዘች አይነሳም። መግቢያው ቧንቧ ሥርም አታድርጓት፤ የሚወርደው ውሃ ሲደበድባት ፓምፑን ታስነሳ ታቆም ይዛለች። ገመዱን ከመጠን በላይ ማሳጠርም አያዋጣም። ከአንድ ስንዝር ካነሰ የገመዱ ድርቀት ራሱ ፍሎቷን ገትሮ ይይዛትና በደንብ አታዘነብልም።

ፍሎቷ የማታድነው

ፍሎቷ በደንብ ብትታሰርም አንድ ነገር አታይም። የምትጠብቀው ታንከሩን ነው፣ የፓምፑን ሆድ አይደለም። ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ፓምፑ በባዶ ሊዞር ይችላል። ፉት ቫልቩ ቆሻሻ ነክሶ ካልዘጋ፣ ፓምፑ በቆመ ቁጥር መሳቢያው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ አየር ይዞ ይነሳል። የመሳቢያው መገጣጠሚያ ላይ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ብትኖርም ያው ነው። ውሃ አይንጠባጠብባትም፤ አየር ነው የምትስበው፣ ስለዚህ አትታይም።

ከፍታውም አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ፓምፕ ውሃ የሚስበው የአየር ግፊት ከታች ስለሚገፋለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያ ግፊት 10 ሜትር ገደማ ውሃ ያነሳል፣ እኛ ጋ 8 ሜትር ከምናምን ነው። ከዚያ ላይ የቧንቧው ፍትጊያና የፓምፑ ድካም ይቀነሳል። ፓምፑ ላይ «መሳብ 8 ሜትር» የሚል ተጽፎ ብታዩ ጅማ ላይ 6ም ካገኛችሁ ደግ ነው። ፓምፑ ከታንከሩ ርቆና ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ታንከሩ ሲሞላ ይስብና ውሃው ሲወርድ አየር ያነሳል። ሰው ፍሎቷን ይወቅሳል። ፍሎቷ ግን ትክክል ናት፤ ውሃ አለ። ፓምፑ ነው ያልደረሰበት።

ለዚህ የሚሆነው የሞተሩን አምፒር የሚከታተል መከላከያ ነው። አምፒሩ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ባዶውን እየዞረ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ብሬከሩ የማያየውን እሱ ያያል። ሲገጠም ግን ፋብሪካ ያስቀመጠለትን ልክ እንዳለ አትውሰዱ። ፓምፑ ውሃ እየገፋ ስንት አምፒር እንደሚወስድ ለኩ። ከዚያ መውጫውን ቫልቭ ለጥቂት ሰከንድ ዘግታችሁ እንደገና ለኩ። ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሩ ወርዶ ታያላችሁ። የመከላከያውን ልክ ከዚያ ከሁለተኛው ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከፍ ካደረጋችሁት ሮቶው ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ፍሎተር ቀስ እያለ ሲዘጋ ያለምክንያት ያጠፋባችኋል፤ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ባዶውን ሲዞር አያውቅም።